ጠርዙ እግራችሁ ስር ነው፦ ተሰባሪ ጣሪያ ላይ ለሚወጡ አዲስ ሰራተኞች

አዲስ ሰራተኛ በመጣ ቁጥር፣ መሰላል ከመነካቱ በፊት መሬት ላይ አቁሜ የምናገረው ነገር አለ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ስላልኩት ራሴም በቃሌ ይዤዋለሁ። ሌሎች ፎርማኖችም ወስደው እንዲጠቀሙበት የባለፈውን ሳምንት ንግግር እንዳለ ጽፌዋለሁ። ስራው ይሄ ነበር፦ ጣሪያው ከወለሉ 5 ሜትር የሚርቅ አሮጌ መጋዘን። ጣሪያው የሲሚንቶ ቆርቆሮ ነው፤ በመሃል በመሃሉ ብርሃን የሚያስገቡ የፕላስቲክ ቆርቆሮዎች አሉት። የተሰነጠቁ 6 ፕላስቲኮችን ነቅለን አዲስ መግጠም ነበረብን።

መጀመሪያ፣ የት እንደምትወጡ እወቁ

በሉ ቀረብ በሉ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ።

እስካሁን ከፍታ ላይ የሰራችሁ ካላችሁ፣ የለመዳችሁት ጠርዝን መፍራት ነው። ፎቅ ላይ ስትሰሩ ጠርዙ ወዲያ ማዶ ነው፤ ታዩታላችሁ፣ ትርቁታላችሁ። እዚህ ግን እሱ ልማድ አይሰራም። ይሄ ጣሪያ ሰው አይችልም። መሃሉ ላይ ብትቆሙም፣ ዳር ላይ ብትቆሙም ያው ነው። ጠርዙ እግራችሁ ስር ነው። ዳር ዳሩን አጥር ብናጥረው እንኳን በመሃሉ ሰምጦ የሚወርደውን ሰው አያቆመውም።

እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። ያኔ ከእናንተ ያነስኩ ነበርኩ። ሌላ ቦታ፣ እንደዚህ ያለ ጣሪያ ላይ። ጠዋት ላይ በአንዱ ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት። ቻለኝ። ከሰዓት በኋላ ባልዲ ይዤ ለሶስተኛ ጊዜ ስረግጠው ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። ቀድሞ የተንቋቋ ነገር የለም። ባልዲው ወርዶ ሲሚንቶው ወለል ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። እኔን ያስቀረኝ ሌላኛው እግሬ በአጋጣሚ ብረቱ ላይ መሆኑ ነው። ሱሪዬ ተቀዶ ጭኔ ከላይ እስከ ታች ተላጠ። አለቃው መጥቶ ያለኝን አልረሳውም፦ «ጠዋት ሄደህበት የለ እንዴ? እንዴት ሊሰበር ይችላል?»

ሊሰበር የቻለውማ ጠዋት ስለሄድኩበት ነው። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ሲረገጥ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል። ሁለተኛው እርግጫ ስንጥቁን ያረዝመዋል። ሶስተኛው ይጨርሰዋል። ስለዚህ «ትናንት እገሌ ሄዶበታል» ማለት ማስረጃ አይደለም። እንዲያውም ጥርጣሬ ሊጨምርባችሁ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከታች ሆናችሁ እዩት

አሁን ሁላችሁም ወደ ውስጥ ግቡና ቀና በሉ። ምን ታያላችሁ? አዎ፣ ብርሃን የሚያስገቡ መስመሮች። ያ ጥግ ላይ ያለው ግን ቡናማ ሆኗል፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው። እሱም ፕላስቲክ ነው። አቧራና ሻጋታ ሸፍኖት ነው እንጂ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቀለም ቀብተውታል። ከላይ ሆናችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ሞገዱ ከጎኑ ካለው የሲሚንቶ ቆርቆሮ ጋር አንድ ነው፣ ቀለሙም ተመሳስሏል። ለዚህ ነው ፍለጋው ከታች የሚጀመረው።

አሰራሩ ቀላል ነው። ከበሩ በኩል ካለው ግድግዳ ጀምራችሁ ቆርቆሮዎቹን ቁጠሩ። 4ኛው ፕላስቲክ፣ 9ኛው ፕላስቲክ፣ እያላችሁ ወረቀት ላይ ሳሉ። ወደ ላይ ደግሞ ስንተኛው ረድፍ እንደሆነ ጻፉ። ያ ወረቀት ከእኛ ጋር ይወጣል። ዛሬ ጠዋት እኔና ካቦው ስንቆጥር 6 ሳይሆን 11 ፕላስቲክ አገኘን። አሰሪው የነገረን የሚያፈሱትን ብቻ ነው። የቀሩት 5ቱ ስላላፈሰሱ ማንም አላስታወሳቸውም። ውሃ አላፈሰሰም ማለት ግን ሰው ይችላል ማለት አይደለም።

ፕላስቲኩ አዲስ ሳለ ይለመጣል። ፀሐይ ዓመታት ስትመታው ይደርቅና እንደ ብስኩት ይሆናል። የሲሚንቶው ቆርቆሮ ደግሞ ከመጀመሪያውም መለመጥ አያውቅም፤ ሲበቃው ቷ ብሎ ይሄዳል። አሮጌ የሲሚንቶ ቆርቆሮ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ተመርምሮ ነጻ ነው እስኪባል ድረስ እንዳለበት ነው የምንቆጥረው። አትብሱት፣ አትቁረጡት፣ አትጥረጉት። የብረት ቆርቆሮም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትመኑት። አሸንዳው አካባቢና ብሎኑ ዙሪያ ዝገት በልቶት ከላይ ቀለሙ ብቻ የቀረ ስንት አይቻለሁ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። «ጋሼ፣ ብሎን ብሎኑን ረግጠን ብንሄድስ? ከስሩ ብረት አለ።» አለ፣ ልክ ነው። ከብሎኑ ስር ያለው አግዳሚ ብረት፣ ፐርሊን የምንለው፣ ይችላችኋል። ግን ስፋቱ ከመዳፌ አይበልጥም። በገመድ ላይ መሄድ ማለት ነው። ንፋስ ይነካችኋል፣ ቆርቆሮው ላይ የበቀለው ሽበት ያንሸራትታል፣ እጃችሁ ላይ ዕቃ አለ። እግራችሁ አንድ ስንዝር ወደ ጎን ሲያርፍ አለቀ። እኔን ያስቀረኝ ብረት ሌላውን አላስቀረውም። በብሎን መሄድ እኔ ጋ አይሰራም፤ ሳየው ያንኑ ቀን ትወርዳላችሁ።

ሶስተኛ፣ ሳንወጣ ልንሰራው እንችላለን ወይ?

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሙት። ጣሪያ ላይ ያልወጣ ሰው ከጣሪያ አይወድቅም።

ከ6ቱ ፕላስቲኮች 4ቱ በመንገዱ በኩል፣ ለአሸንዳው ቅርብ ናቸው። ክንዱ የሚዘረጋ፣ ሰው በቅርጫት የሚያነሳ ማንሊፍት ውጭ ቆሞ እነሱ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ እነዚህን 4ቱን ከቅርጫቱ ሳንወርድ እንሰራቸዋለን። ብሎኑን ከቅርጫት ውስጥ ትፈታላችሁ፣ አሮጌውን ታነሳላችሁ፣ አዲሱን ትገጥማላችሁ። እግራችሁ ከቅርጫቱ ወለል አይለቅም። «ትንሽ ናት የቀረችኝ፣ ልርገጣትና ልምጣ» የምትለዋ ሃሳብ ስትመጣባችሁ ለኦፕሬተሩ ንገሩት፤ ቅርጫቱን ያስጠጋላችኋል። ስራው እሱ ነው።

2ቱ ግን መሃል ላይ ናቸው። ማንሊፍቱ አይደርስባቸውም። ከስራቸው ደግሞ ሊነሱ የማይችሉ ማሽኖች ቆመዋል። እዚያ መውጣት ግድ ነው። አሁን ዋናው ነገር እሱ ነው።

አራተኛ፣ ሴፍቲ ቤልት ለምን አይበቃም?

ባለፈው አንዱ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ሁላችንም ሴፍቲ ቤልት ካሰርን ሌላው ሁሉ ምን ያደርጋል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መሬት ላይ በሜትር ላሳያችሁ።

ይሄ የማያያዣ ገመድ 2 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቦርሳ ውስጧ የታጠፈና የተሰፋ ጨርቅ አለ። ስትወድቁ ስፌቱ እየተተረተረ ይለቃል፤ ድንጋጤውን ከወገባችሁና ከአከርካሪያችሁ ላይ የሚያነሳው ያ ነው። እሷ በሙሉ ከተተረተረች እስከ 1.75 ሜትር ድረስ ልትረዝም ትችላለች። ጀርባችሁ ላይ ካለው ቀለበት እስከ እግራችሁ ጫፍ 1.5 ሜትር ያህል አለ። ከዚያ በታች ለጥንቃቄ 1 ሜትር ባዶ እንተዋለን። ደምሩት፦ 2 ሲደመር 1.75፣ ሲደመር 1.5፣ ሲደመር 1። 6.25 ሜትር።

ገመዱ የታሰረው እግራችሁ ስር ባለው ፐርሊን ላይ ነው እንበል። እንግዲህ ከዚያ ብረት በታች 6.25 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ያለን ስንት ነው? 5። ሴፍቲ ቤልቱ አልተበጠሰም፣ ገመዱም አልተበጠሰም፣ ሁሉም ስራውን ሰርቷል፤ እናንተ ግን ወለሉ ላይ ናችሁ።

እሺ፣ ማሰሪያውን ከፍ እናድርገው። የጀርባችሁ ቀለበት ባለበት ልክ፣ ከጣሪያው 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ጠንካራ ነገር አገኘን እንበል። ያኔ ከጣሪያው በታች የሚያስፈልገን 4.75 ሜትር ይሆናል። 5 አለን፤ 25 ሴንቲ ተረፈን። ግን ማሽኑስ? ማሽኑ 1.8 ሜትር ቁመት አለው። የቀረን ባዶ ቦታ 3.2 ነው። አሁንም ማሽኑ ላይ ናችሁ።

ሌላም አለ። በቆርቆሮው መሃል ሰምጣችሁ ስትወርዱ ገመዳችሁ በተሰበረው ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ይወጠራል። የተሰበረ የሲሚንቶ ቆርቆሮ ጠርዝ እንደ መጋዝ ነው። በዚህ ላይ አንዳንዱ ሰው ማሰሪያውን የት ያደርጋል መሰላችሁ? ቆርቆሮው ላይ። ቆርቆሮው እኮ ነው የሚሰበረው! ማሰሪያ ሁልጊዜ የሚያርፈው የህንጻውን ክብደት በተሸከመው ብረት ላይ ነው፤ ያውም ይችላል ብሎ ባለሙያ ያረጋገጠው ላይ።

ሴፍቲ ቤልት አልጠላም። ቅርጫት ውስጥ ሁላችሁም ታስራላችሁ፣ ያውም በአጭር ገመድ፣ ከቅርጫቱ እንዳትወጡ። ሊያስቀራችሁ የታሰረ ገመድና ከወደቃችሁ በኋላ ሊይዛችሁ የታሰረ ገመድ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ከወለሉ ጋር ሂሳብ የለውም፤ ጭራሽ አትወድቁምና። ሁለተኛው በየሜትሩ ሂሳብ አለበት። አሁን ያየነው ሂሳብ እዚህ ቦታ አልመጣም አለ። በቃ፣ ሌላ መንገድ።

አምስተኛ፣ መረብና ጣውላ

ሌላው መንገድ ይሄ ነው። ከ2ቱ ፕላስቲኮች ስር መረብ ተወጥሯል። ትናንት የመረብ ባለሙያዎች መጥተው ገጠሙት። እናንተ አትነኩትም፤ ጥግ እንኳን ለማስተካከል ቋጠሮ አትፈቱም። መረቡ ከፐርሊኑ ስር ተጠግቶ ነው የታሰረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በራቀ ቁጥር የምትወድቁት ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥር መረቡ ወደ ታች ይለጠጣል። ሲለጠጥ ማሽኑ ላይ እንዳይደርስ ባለሙያው ለክቶ፣ አስልቶ፣ ፈርሞ ሰጥቶናል። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፣ ማየት የፈለገ ይጠይቀኝ።

መረብ ቆሻሻ መጣያ አይደለም። የተሰበረ ፕላስቲክ፣ ብሎን፣ ቁልፍ እዚያ አይጣልም። ሰው ሲወድቅ ያ ሁሉ ስለት ላይ ነው የሚያርፈው። የወደቀ ነገር ካያችሁ ንገሩኝ፤ ስራ ቆሞ ይነሳል። ብየዳና ግራይንደርም ከመረቡ በላይ የለም። ፍንጣሪው ያቀልጠዋል፤ ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ አታዩትም።

መረቡ የመጨረሻው መጠባበቂያ ነው። የምትቆሙት ጣውላ ላይ ነው። ኑ፣ ይሄን ተመልከቱ።

የጣውላው ስፋት 60 ሴንቲ ነው። ከዚህ የጠበበ አልቀበልም። ርዝመቱ 3.2 ሜትር። ለምን 3.2? የዚህ ጣሪያ ፐርሊኖች በ1.4 ሜትር ተራርቀዋል። አንድ ጣውላ ቢያንስ ሶስት ፐርሊን ላይ ማረፍ አለበት። ሶስት ፐርሊን ማለት ሁለት ክፍተት ነው፤ 2.8 ሜትር። በሁለቱም ጫፍ 20 20 ሴንቲ ተረፈ። ረዘም ያለ ጣውላ ይሻላል ብላችሁ 4 ሜትር ብታመጡስ? ጫፉ ከብረቱ አልፎ 60 ሴንቲ ይወጣል። ጫፉን ስትረግጡት እንደ ልጆች ሚዛን ከወዲያ ይነሳል፣ ከወዲህ ቆርቆሮውን ሰብሮ ይዟችሁ ይወርዳል። ስለዚህ ጫፉ ብዙም አይተርፍም፤ ደግሞም ይታሰራል። ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ ካልታሰረ ይንሸራተታል።

በጣውላዎቹ በሁለቱም ጎን መደገፊያ አለ። የላይኛው ብረት ከ95 ሴንቲ አያንስም፣ መሃል ላይ ሌላ አለ፣ ከታች ደግሞ ዕቃ እንዳይንሸራተት ማገጃ ሰሌዳ። ፕላስቲኩን ለመፍታት ስትደርሱ በዚያ በኩል ያለውን የመሃል ብረት ማንሳታችን ግድ ነው። ያቺ ሰዓት ናት መረቡ የሚያስፈልገን። ስትጨርሱ ብረቱ ወዲያው ይመለሳል፤ ከሻይ በኋላ የሚባል ነገር የለም።

አሁን በጣም የማየው ስህተት። ጣውላ ማዛወር። ሰውየው ጣውላው ላይ ቆሞ ሲሰራ ጎበዝ ነው። ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲሄድ ግን ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ቆሞ ጣውላውን ይጎትታል። የሚወድቀው ያኔ ነው። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ አንደኛው ጣውላ ላይ ቆማችሁ ሁለተኛውን ከጎኑ ታስቀምጣላችሁ። በፐርሊኖቹ ላይ ማረፉን በብሎኖቹ መስመር ታረጋግጣላችሁ። ታስሩታላችሁ። ከዚያ ትሻገራላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው የመጀመሪያው የሚፈታው። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ጣውላ ያስፈልጋል። እኛ አራት አምጥተናል። ሁለቱ ከፕላስቲኩ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ ለመሸጋገሪያ። አንድ ጣውላ ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ካያችሁ፣ ቆርቆሮውን ሊረግጥ እንደሆነ ከወዲሁ እወቁ።

ከመወጣጫው እስከ ስራው ቦታ ያለውም መንገድ በጣውላ ነው። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በ2 ሜትር ውስጥ ያሉ የቀሩት ፕላስቲኮች ሶስት ናቸው። ሶስቱም ተሸፍነዋል። አንሰራባቸውም፤ ግን ሰው ይደናቀፋል።

ስድስተኛ፣ ቀዳዳው

አሮጌው ፕላስቲክ ሲነሳ ቀዳዳ ይፈጠራል። በአንድ ሜትር ስፋት፣ ወደ ታች ማሽን የሚያሳይ ቀዳዳ። ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይጠነቀቃል። ሰው የሚገድለው ግን ይሄ አይደለም፤ በኮምፐንሳቶ የተሸፈነው ነው።

እንዴት መሰላችሁ። ምሳ ሰዓት ደረሰ። አንዱ አሳቢ ሰው ቀዳዳው ላይ ኮምፐንሳቶ ጣል አድርጎ ወረደ። አልመታውም፣ ምንም አልጻፈበትም። ከምሳ በኋላ ሌላው ወጣ። «ይሄ ኮምፐንሳቶ ምን ይሰራል እዚህ» ብሎ በሁለት እጁ ከፊቱ አነሳው። ኮምፐንሳቶው ፊቱን ጋርዶታል፤ እግሩን አያይም። ሊያስቀምጠው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ያ አንድ እርምጃ ቀዳዳው ነው።

ይሄ እንዳይሆን ሶስት ነገር እናደርጋለን። መሸፈኛው የሚወጣበትን ሰውና ዕቃ እጥፍ የሚችል ይሆናል። በስክሪው ይመታል፤ በእጅ አይነሳም። ላዩ ላይ በቀይ ቀለም «ቀዳዳ፣ አታንሱ» ተብሎ ይጻፋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አዲሱን ቆርቆሮ ከጎኑ አዘጋጅቶ ማንሳትና መግጠም ነው። አንዱን ነቅሎ አንዱን መግጠም። ሁለቱንም ነቅለን «ነገ እንገጥማለን» አንልም።

አዲሶቹ ቆርቆሮዎች የማይሰበሩ ናቸው ተብሎ ይነገራችሁ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፈተና አለ፤ 45 ኪሎ የሚመዝን ከረጢት ከ1.2 ሜትር ይጣልበታል፣ ካላሳለፈው አለፈ ይባላል። ግን የሚፈተነው ብሎኑ፣ ጎማው፣ ተደራቢው ሁሉ እንደ መመሪያው ሲገጠም ነው። ሁለት ብሎን የያዘው፣ አራት የቀረው አዲስ ቆርቆሮ ምንም አላለፈም። ሁሉ ነገር ተገጥሞ ቢያልቅም አትሄዱበትም። ፈተናው ድንገት የወደቀበትን ሰው ያስቀራል ነው የሚለው፤ መንገድ ነው አላለም።

ሰባተኛ፣ ቢሆንስ?

ከዚህ ከፍታ ወለሉ ላይ ለመድረስ 1 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። «ጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ አያደርስም። ስለዚህ ከታች ማንም አይቆምም። ከስራው ስር ያለው ወለል በገመድ ታጥሯል፣ በሩ ላይ ሰው አለ። እዚያ በኩል መሻገር የፈለገ ዞሮ ይሂድ።

ሰው መረብ ላይ ቢወድቅ ማንም ተከትሎት አይዘልም። ትንሹ ሊፍት መጋዘኑ ውስጥ፣ ከማሽኖቹ ጎን ባለው መተላለፊያ ቆሟል። ቁልፉ እላዩ ላይ ነው፤ ኪሴ ውስጥ አይደለም። ኦፕሬተሩ ከስራ ሰዓት አይጠፋም። እሱ ምሳ ከሄደ ላይ ያላችሁትም ትወርዳላችሁ። ከቅርጫት ወጥቶ በሴፍቲ ቤልት የተንጠለጠለ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ሰው ሳይንቀሳቀስ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል ደሙ እግሩ ላይ ይቀራል፣ ራሱን ይስታል። ለዚህ ከቅርጫቱ በታች መሬት ላይ የሚቆም ሰው አለ፤ ከታች ሆኖ ማንሊፍቱን ማውረድ ያውቃል። ስልክ መደወል ያው ነው፣ ይደወላል፤ ግን ሰውየውን የምናወርደው እኛ ነን።

ዝናብ ከጣለ ወይም ንፋስ ከተነሳ እኔን አትጠብቁኝ፣ ውረዱ። ቆርቆሮ በእጅ ይዞ ንፋስ ላይ የቆመ ሰው ሸራ ነው፤ የሚወስደው ወደፈለገበት ነው። የምትቆሙበት ጠርጥራችሁ ከወረዳችሁ ደሞዝ አይቆረጥም። ይሄን ለካቦውም ነግሬዋለሁ።

ስምንተኛ፣ ሴፍቲ ቤልቱን ልበሱ

ቅርጫት የምትገቡ አራታችሁ ወዲህ ኑ። ከመልበሳችሁ በፊት ጨርቁን በሁለት እጃችሁ ያዙና ቀስት አድርጋችሁ እጠፉት። እንዲህ ሲታጠፍ የተቆረጠው፣ የሳሳው፣ የተላጠው ብቅ ይላል። በጣታችሁ ዳሱት። የሚያብለጨልጭና የደረቀ ቦታ ካለ እሳት ነክቶታል። ስፌቱን እዩ፤ ክሩ ከጨርቁ በተለየ ቀለም የተሰፋው እንድታዩት ነው። የድንጋጤ ማብረጃዋ ቦርሳ ከተከፈተች ወይም አንድ ጊዜ ሰው ከወደቀበት እሱ ቤልት ሞቷል። ቆርጠን እንጥለዋለን እንጂ «ለቀላል ስራ» ብለን አናስቀምጠውም።

ቀለበቱ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶቻችሁ መሃል ይሁን። ወገብ ላይ ከወረደ ስትንጠለጠሉ በአፍጢማችሁ ነው። የደረቱን ማሰሪያ እሰሩ። የጭኑን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጉት፤ መዳፋችሁ ጠፍጣፋ ሆኖ ይግባ፣ ጭብጣችሁ ግን አይግባ። ከዚያ እርስ በእርስ ተያዩ። የራስን ጀርባ ማንም አያይም።

አንተ፣ ባለ ቀይ ሹራቡ፣ ዙር እስቲ። የግራው ጭንህ ማሰሪያ ተጠማዟል። ፍታውና ቀጥ አድርገህ እንደገና እሰረው። እንጠብቅሃለን።